ከለቅሶ ለተመለሰች ባልደረባ ምን ይባላል?

«ደብረ ብርሃን ነን። እናቷን የቀበረች ባልደረባዬ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ምን ልበላት?»

ለቅሶ ቤት ደርሰህ ቢሆንም ሰኞ ጠዋት ዝም ብለህ አትለፋት። ጠረጴዛዋ ድረስ ሂድና ዝቅ ባለ ድምፅ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፍሳቸውን ይማር» በላት። በቃ።

«ዕድሜ ጠግበው ነው» አትበል። እሷ ብትለው ያምርባታል፤ ከሌላ አፍ ሲወጣ ግን አታልቅሺ እንደማለት ነው። አባቴን ስቀብር አንድ ባልደረባዬ የራሱን ሐዘን ይዘረዝርልኝ ጀመር። መጨረሻ ላይ አጽናኙ እኔ ሆንኩ።

«የምትፈልጊው ካለ ንገሪኝ» ከማለት «የዛሬውን ሪፖርት እኔ እጨርሳለሁ» ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለሐዘን የሚሰጠው 3 የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ገና ዓይኗ ሳይደርቅ ነው የምትመጣው። አርባው ሲቃረብ ደግሞ ቢሮው ረስቶታል። ያኔ «የእማማ አርባ መቼ ነው?» ብለህ ጠይቃት።