ረቂቁ ከመላኩ በፊት ግልባጩ ውስጥ ማን ይቀመጥ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ሀዋሳ)፦ መጋዘናችን ውስጥ በቆጠራ የ46,200 ብር ጉድለት ተገኝቷል። ከንብረት ጠባቂው ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ አርቅቄያለሁ። አስተያየት እንዲሰጡበት ቆጠራው የተያዘበት ኢሜይል ላይ Reply all ብዬ ልላከው? 9 አድራሻ አለበት።

መልስ፦ አይላኩት። እነዚያ 9 አድራሻዎች የተሰበሰቡት የቆጠራውን ቀን ለመቁረጥ ነው። ጉዳዩ አሁን የአንድ ሰው ስምና እንጀራ ሆኗል። አዲስ ኢሜይል ይክፈቱ፤ የ To ሳጥኑን ባዶ ትተው ጽሑፉን ይጨርሱ፤ አድራሻ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ በእያንዳንዱ ሰው ስም አጠገብ ከዚህ ረቂቅ ጋር ምን እንደሚሠራ አንድ ግስ ይጻፉ። ግስ ያጣ ሰው አይገባም።

በእርስዎ ጉዳይ እንየው። የፋይናንስ ኃላፊው ቁጥሩን ያረጋግጣል፤ To ላይ ይግባ። የሕግ ባለሙያው አገላለጹን ያርማል፤ እሱም To ላይ። ግዥና ትራንስፖርት የሚሠሩት የላቸውም። ሁለቱ ቆጣሪዎች የሚያገባቸው ይመስላል፤ ግን ነገ ምስክር ሆነው ሊጠሩ ይችላሉ። ረቂቁን አስቀድመው ካዩት ንብረት ጠባቂው «ቃላቸውን ከደብዳቤው ነው የወሰዱት» ቢል መልስ አይኖርዎትም። ከእነሱ የሚፈለገው የፈረሙበት የቆጠራ ቅጽ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል፤ መፈረም ግን የሚመጣው ረቂቁ ካለቀ በኋላ ነው። ፋይናንስ ቁጥሩን ሲያጣራ ያልተመዘገበ የወጪ ሰነድ ተገኝቶ ጉድለቱ ወደ 12,000 ብር ቢወርድ፣ አስቀድሞ 46,200ን ያየ አለቃ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀረው ያ ቁጥር ነው። የመጋዘን ክፍል ኃላፊው ጉዳይ ከባድ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ዘጠነኛው አድራሻ «ስቶር» የሚል ነው ብዬ ልገምት። አንድ ሰው ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የቡድን አድራሻ ነው፤ ውስጡም ንብረት ጠባቂው ራሱ አለ። በ Reply all ብትልኩት የራሱን የክስ ረቂቅ ከሁሉም ጋር እኩል ያነበው ነበር። በኮምፒውተር Outlook ላይ ከቡድኑ ስም አጠገብ ያለችውን የ+ ምልክት ሲጫኑ አባላቱ ይዘረዘራሉ። Gmail ላይ ግን ስሙን መንካት አድራሻውን እንጂ ሁልጊዜ አባላቱን አያሳይም፤ ስለዚህ የአይቲ ባለሙያውን ይጠይቁ። መልስ እስኪያገኙ ቡድን የሆነ አድራሻ አይጠቀሙ።

ርዕሱ ላይም የሰውየውን ስም አይጻፉ፤ ፋይሉንም በስሙ አይሰይሙ። ርዕስ በተቆለፈ ስልክ ላይ እንኳን ብቅ ይላል፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ያነበዋል። «ረቂቅ ደብዳቤ፣ ለአስተያየት» ይበቃል።

ጥያቄ (የሒሳብ ሠራተኛ)፦ ለዚህ እኮ Bcc አለ! ሥራ አስኪያጁን እዚያ ካስገባናቸው ማንም ሳያይ ያውቃሉ።

መልስ፦ አድራሻ ለመደበቅ ያሉት ልክ ነው። ለ60 ሥራ አመልካቾች የፈተና ቀን ሲላክ አንዱ የሌላውን አድራሻ እንዳያይ Bcc ትክክለኛው ቦታ ነው። እዚህ ግን ሁለት ችግር አለበት። ሥራ አስኪያጁ ስልካቸው ላይ Reply all ብለው «እሺ ቀጥሉ» ቢሉ፣ ያላዩዋቸው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ያዩዋቸዋል። የሕግ ባለሙያው «ለካ ሲያነቡን ነበር» ይላል፤ ከዚያ በኋላ በግልጽ አይጽፍም። ሁለተኛ፣ ሌሎቹ የሚለዋወጡት መልስ ለእሳቸው አይደርሳቸውም፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ይዘው ይቀራሉ።

ማሳወቅ ካስፈለገ ከላኩት በኋላ Sent ውስጥ ገብተው Forward ያድርጉላቸው፤ ከላይም «ለእርስዎ መረጃ ብቻ፤ ቁጥሩ ገና እየተጣራ ነው» ይበሉ። ያኔ Reply all ቢጫኑ እንኳን መልሱ የሚመጣው ለእርስዎ ነው። Forward ግን አባሪውንም ከሥር ያለውን የቆየ ልውውጥም ይዞ ይሄዳልና ከመላክዎ በፊት እስከ ታች ይውረዱ።

ጥያቄ (ጸሐፊ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት)፦ ደብዳቤው ግርጌ ላይ «ግልባጭ» ተብሎ ለፋይናንስ፣ ለኦዲት፣ ለግል ማኅደር ተጽፏል። እነሱን Cc አለማስገባት ጥፋት አይሆንም?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ዝርዝር የሚሠራው ቁጥርና ቀን ወጥቶለት፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ወጪ ሲሆን ነው። ረቂቁ ላይ የተቀመጠው ወደፊት ለማን እንደሚደርስ ለማሳየት ነው። አሁን ለኦዲት ቢልኩት ያልተፈረመ ክስ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ኋላ ደብዳቤው ቢሻሻል ወይም ቢቀር ያንን ወረቀት ከዚያ የሚያወጣው የለም።

ጥያቄ (አስተዳደር ላይ ብዙ ዓመት የሠሩ)፦ የመጋዘን ክፍል ኃላፊውን መዝለል ግን አይዋጥልኝም። የቅርብ አለቃው ሳያውቅ ሠራተኛ ላይ ደብዳቤ መጻፍ በእኛ ደንብ ነውር ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ የሚሉት ክብደት አለው። የሚያሳስበኝ የወጪ ሰነዶቹን የሚያጸድቀው እሱ መሆኑ ነው፤ ጉድለቱ የጸደቀ ወጪ ላይ ከሆነ ጥያቄው እሱንም ይነካል። ስለዚህ ፋይናንስ ሰነዶቹን አይቶ እስኪጨርስ ባይገባ እመርጣለሁ። የውስጥ ደንባችሁ የዲሲፕሊን ጉዳይ በቅርብ አለቃ በኩል ይጀምር የሚል ከሆነ ግን መዝለሉ ሂደቱን ራሱን ሊያስጥል ይችላል። ያኔ ጉዳዩ መኖሩን በቃል ነግሮ ረቂቁን ማዘግየት ይቻላል። ይህ እንኳን ሁሉንም የሚያስማማ አይመስለኝም፤ የሕግ ባለሙያችሁ ደንቡን አይቶ ይወስን።

ጥያቄ (ስም ያልገለጹ)፦ ተልኮ አልቋል፣ የማይገባው ሰው ገብቷል። መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ Gmail ላይ ከላኩ በኋላ Undo የሚለው ካልተቀየረ የሚቆየው 5 ሰከንድ ነው። Settings፣ See all settings፣ General ገብተው Undo Send ላይ 30 ያድርጉት፤ ከታች Save Changes ካልተጫኑ አይያዝም። እዚያው ገጽ Default reply behavior የሚለውን Reply ላይ ያቁሙት፤ Reply all በልማድ እንዳይጫን ያግዛል። Outlook ውስጥ ያለው Recall የሚሠራው ተቀባዩ እዚያው ድርጅት ሲስተም ውስጥ ሲሆን ነው፤ ለ Gmail የሄደውን አይመልስም።

ጊዜው ካለፈ «እባካችሁ ያለፈውን ኢሜይል አትክፈቱ» ብለው Reply all አያድርጉ፤ ያልከፈተውም ይከፍተዋል። ለዚያ ሰው ብቻ ይደውሉና እንዲያጠፋው ይጠይቁ። የደረሰው ራሱ ባለጉዳዩ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ለሕግ ባለሙያውና ለሥራ አስኪያጁ ይንገሩ፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባቸውም።

ረቂቁ በአባሪ ሳይሆን በ Google Drive ሊንክ ቢላክ ነገሩ ይቀልላል። Share ውስጥ Restricted ይሁን፤ የፋይናንስ ኃላፊውንና የሕግ ባለሙያውን አድራሻ Commenter አድርገው ያስገቡ። ኢሜይሉ ለሌላ ሰው ቢተላለፍ እንኳን ሊንኩ ፈቃድ ይጠይቀዋል እንጂ አይከፈትለትም፤ ለተሳሳተ ሰው ፈቃድ ሰጥተው ከሆነም ስሙን ያወጡታል። ቀድሞ ያወረደውን ወይም ፎቶ ያነሳውን ግን የሚመልስ ነገር የለም።