ሰባት ጽሑፍ፣ አንድ ሐረግ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 25 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ለድረ ገጹ እጽፋለሁ። የሚከፈለኝ በጽሑፍ ብዛት ነው። ባለቤቱ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ጎግል ላይ danakil depression tour ሲባል አንደኛ መውጣት ይፈልጋሉ። በዚሁ ሐረግ ሰባት ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ እያንዳንዱ ውስጥ ሐረጉ ከሃያ ጊዜ በላይ አለ። አሁንም ከፍለጋው ሁለተኛ ገጽ አልወጣንም። ስምንተኛውን ጻፊ ተብያለሁ። እናቴ "ዘመድ ናቸው፣ ያሉሽን ዝም ብለሽ ጻፊ" ትላለች። ልጻፍ? ወይስ ትቼው የባንክ ፈተና ልፈተን? የኦንላይን ሰርተፊኬት ብገዛስ ይጠቅመኛል? የሰባቱን ርዕስ አያይዣለሁ።»

ስምንተኛውን አትጻፊው። ሥራሽን ጣይ ማለቴ ግን አይደለም። ሥራሽ አሁን መጻፍ ሳይሆን መቀነስ ነው።

እኔ ጋዜጣ ቤት ስገባ የሚከፈለኝ በአምድ ነበር። አምዱ በበዛ ቁጥር ኪሴ ይሞቃል። ስለዚህ የአንዱን ስብሰባ ዜና ሦስት ቦታ ሸንሽኜ አቀርበው ነበር። አንድ ቀን አርታኢው ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደረደረና «አንባቢ የትኛውን ያንብብ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በኋላ ራሴ የቀይ እስክሪብቶው ባለቤት ሆኜ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ያን ጥያቄ ስንት ሰው ላይ እንደደገምኩት አልቆጥረውም።

አንቺም ጎግልን ያስቸገርሽው በዚሁ ጥያቄ ነው። የላክሽልኝን ርዕሶች አየሁ። ሰባት ብቻ አይደሉም። ጉዞው የሚሸጥበት፣ ሰው ቀን መርጦ የሚመዘገብበት ገጽም ያንኑ ሐረግ ርዕሱ ላይ ተሸክሟል። ስምንተኛው ገጽማ ቀድሞም ነበረ ማለት ነው።

ባለሙያዎቹ ሁለት በሽታ ይላሉ። አንዱ ቁልፍ ቃል መጠቅጠቅ፣ አንዱን የፍለጋ ሐረግ ያለ ልክ መደጋገም ነው። ሌላው ካኒባላይዜሽን፣ የአንድ ድረ ገጽ ገጾች እርስ በርስ ሲበላሉ ማለት ነው። ያንቺ ጉዳይ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። «ዳናኪል መሄድ ያሰጋል?» የሚለው ጽሑፍሽ ከመሸጫው ገጽ የተለየ ነገር ነበረው። ሃያ ጊዜ «ዳናኪል ቱር» ስትሰገስጊበት ልዩነቱ ጠፋ። ርዕሱም፣ የመጀመሪያው አንቀጽም፣ ንዑስ ርዕሶቹም ከሌሎቹ ጋር አንድ ሆኑ። ጎግል ደግሞ ለአንድ ፍለጋ ከአንድ ድረ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በላይ ውጤት ከላይ አያሳይም፤ ይህን በ2019 ሰኔ ላይ ነው ያስታወቀው። ስምንት ብትደረድሪ ስድስቱ በር ላይ ይቀራሉ። የሚገቡትን ሁለቱን ደግሞ የምትመርጪው አንቺ አይደለሽም።

ከመንካትሽ በፊት መበላላቱ እውነት መኖሩን አረጋግጪ። በአንድ ሐረግ ሁለት ገጽ መውጣቱ ብቻውን ችግር አይደለም። ድረ ገጻችሁ ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ ጎግል የሚያሳይበት ሰርች ኮንሶል ውስጥ ግቢ፤ ነጻ ነው። Performance የሚለውን ክፈቺና ጊዜውን 16 ወር አድርጊው፤ ከዚያ በላይ ወደ ኋላ አይሄድም። ሐረጉን ከ Queries ዝርዝር ውስጥ ጠቅ አድርጊና ወደ Pages እለፊ። አሁን የምታዪው በዚያ ሐረግ ብቻ የታዩትን ገጾች ነው። አንዱ ገጽ መታየቱንም ጠቅታውንም ጠቅልሎ ከወሰደ ሌሎቹ ብዙ አይጎዱሽም። አራት አምስት ገጽ መታየቱን ተከፋፍለውት ማንም ጠቅታ ካላገኘ ግን ነገር አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ግራፋቸውን እዪ። አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተራ የሚለዋወጡ ከሆነ፣ ጎግል የቱን እንደሚያወጣ አልቆረጠለትም። ሌላም ምልክት አለ፤ መሸጫው ገጽ እያለ «ምን ልያዝ» የሚለው ጽሑፍ ይቀድመዋል። ሰውየው መጥቶ የኮፍያና የውሃ ዝርዝር አንብቦ ይሄዳል። ለድርጅቱ ሳንቲም አልገባም።

ቀጥሎ ርዕሶቹን መለየት ነው። መለያው ቃሉ ሳይሆን ሰውየው የፈለገው ነገር ነው። Best፣ Top እና 2024 የተጨመረባቸው ሦስቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ጉዞ ሊገዛ የመጣ ሰው። ሐረጉን ራስሽ ፈልጊና የሚወጡልሽን እዪ። አብዛኞቹ የጉዞ ዕቅድና ዋጋ የያዙ የአስጎብኚ ገጾች ከሆኑ፣ ብሎግ ጽሑፍ እዚያ መሀል ገብቶ አይሸጥም። ስለዚህ ሦስቱ ወደ መሸጫው ገጽ ይግቡ። «ዋጋው ስንት ነው» የሚለውም እዚያው ይግባ፤ ዋጋ ለብቻው ተቀምጦ ምን ይሠራል? «መቼ ልሂድ» እና «ምን ልያዝ» ደግሞ ይጋቡ፤ ሁለቱም ስለ ሙቀቱ ነው የሚያወሩት። «ያሰጋል?» የሚለው ብቻውን ይቆይ፤ ያ ሰው ገና ሊገዛ አልደረሰም። ስምንቱ ሦስት ሆኑ።

መግባት ስል መሰረዝ ማለቴ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጥሩውን አንቀጽ አውጥተሽ ወደ ሚቀረው ገጽ ውሰጂ። ከዚያ አሮጌውን አድራሻ በቋሚ ሪዳይሬክት፣ 301 በሚባለው፣ ወደ አዲሱ ምሪው። ዎርድፕሬስ ላይ Redirection የሚባል ፕለጊን ይሠራዋል። ሰርቨሩ አፓቺ ከሆነና ድረ ገጹን የሚሠራላችሁ ልጅ ካለ፣ በ .htaccess ውስጥ አንድ መስመር ይበቃዋል፦

```
Redirect 301 /best-danakil-tour/ /danakil-depression-tour/
```

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። የጠፋውን ሁሉ ወደ መነሻ ገጹ ይልኩታል። ስለ ዳናኪል የፈለገ ሰው የድርጅቱን ሰላምታ ያነባል፤ ጎግልም ገጹ የለም ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ሌላው ስህተት ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ያሉትን ሊንኮች መርሳት ነው። ስለ ላሊበላ ከጻፍሽው ወደ አሮጌው የዳናኪል ጽሑፍ የሚወስድ ሊንክ ካለ፣ በቀጥታ ወደ አዲሱ አዙሪው። ሪዳይሬክቱን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዳትነኪው። ሰርች ኮንሶል ውስጥ Links የሚለውን ደግሞ ቀድመሽ እዪ። ከሰባቱ አንዱን የውጭ አገር ተጓዥ በብሎጉ ጠቅሶት ሊሆን ይችላል፤ የሱ ሪዳይሬክት ከሁሉ በፊት ይሞከር።

የድረ ገጹ ልጅ «ካኖኒካል እናድርግበትና ሁሉም ይቆይ» ሊልሽ ይችላል። ቀላል ስለሆነ ነው። ካኖኒካል ከሚመሳሰሉ ገጾች ዋናው የቱ እንደሆነ ለጎግል የሚናገር ምልክት ነው፤ ግን ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ይዘታቸው የተለያየ ገጾች ላይ ሲደረግ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

አሁን ወደ ሃያው ጊዜ እንምጣ። ይህን ከጽሑፍሽ ወሰድኩት፦ Our Danakil Depression tour is the best Danakil Depression tour for anyone looking for a Danakil Depression tour. ጮክ ብለሽ አንብቢው። ሰው እንዲህ ያወራል? ጎግል እንዲህ ያለውን መደጋገም በአይፈለጌ ይዘት ደንቡ ውስጥ በስሙ ጠርቶ አስቀምጦታል። በመቶ ይህን ያህል ይደገም የሚል ቁጥር የለውም። ሐረጉ ርዕሱ ላይ፣ መግቢያው ላይ፣ ምናልባት አንድ ንዑስ ርዕስ ላይ ከገባ በቂ ነው። ቀሪውን ቦታ ለተጓዡ ጥያቄ ስጪው። መነሻው መቀሌ ነው ሰመራ? ስንት ሌሊት? ኤርታሌ ላይ የሚወጣው ለምን ከፀሐይ በኋላ ነው? ከባሕር ወለል በታች ያለው ዳሎል ላይ ሙቀቱ እንዴት ይቻላል? የጨው ነጋዴዎቹን ግመል የት ነው የሚያዩት? ይህን ስትጽፊ ኤርታሌ፣ ዳሎል፣ አፋር የሚሉት ቃላት ራሳቸው ይመጣሉ። ገጹ ስለምን እንደሆነ የሚመሰክሩትም እነሱ ናቸው። (በአማርኛም ይኸው ጣጣ አለ፤ «ሥራ» እና «ስራ» ብለው ሁለት ጽሑፍ የሚያወጡ አይቻለሁ። ፊደል ተቀየረ እንጂ ጽሑፉ አንድ ነው።)

ውጤቱን ስትለኪ ተጠንቀቂ። የአንዱን ገጽ ጠቅታ ከራሱ ጋር አታወዳድሪ። የስምንቱን ድምር ከሦስቱ ድምር ጋር ነው። ደግሞ ዳናኪል ወቅት አለው፤ ሰው የሚሄደው በብዛት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። መስከረም ላይ አስተካክለሽ ታኅሣሥ ላይ ቁጥሩ ቢጨምር፣ አንቺ ያመጣሽው ነው ወይስ ብርዱን ሸሽቶ የመጣው ፈረንጅ? ካለፈው ዓመት ከዚያው ወር ጋር አስተያዪ። የአምናው ከሌለሽ ያልነካሽውን ገጽ፣ ለምሳሌ የላሊበላውን፣ አብረሽ ተከታተዪ። ሁለቱም እኩል ከወጡ ወቅቱ ነው። ጎግል አሮጌዎቹን አድራሻዎች ተመልሶ እስኪያያቸው ድረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ መጀመሪያ ላይ ቢዋዥቅ አትደንግጪ።

እናትሽን አከብራለሁ። ግን ተሳስተዋል። ዘመድሽ ለሰባት ጽሑፍ ከፍለው ከሁለተኛ ገጽ አልወጡም። ስምንተኛውን ዝም ብለሽ ብትጽፊ የዘመድ ገንዘብ እያየሽ ውሃ ውስጥ መጣል ነው፤ ይሉኝታ ይህን አይሸፍነውም። እውነቱን እንናገር ካልን ግን ስምንተኛውን መጻፉ ላንቺም ይመችሻል። በጽሑፍ ብዛት ስለሚከፈልሽ ስምንቱን ሦስት ስታደርጊ ከኪስሽ ይቀነሳል። ችግሩ ከክፍያው ይጀምራል። ስለዚህ ባለቤቱ ጋ ስትገቢ የሰርች ኮንሶሉን ሥዕል አትመሽ ያዢና አንድ ነገር ጠይቂ፦ ክፍያው በጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ በወር ይሁን፤ ለሦስት ወር፣ በዳናኪል ገጾች ላይ ብቻ። «ጽሑፎችዎ መጥፎ ናቸው» አትበዪ። «ጋሼ፣ ገጾቻችን እርስ በርስ እየተሻሙ ነው» በዪ። ነጋዴ ይህን በደንብ ይገባዋል፤ ሁለት ሱቁን ጎን ለጎን ከፍቶ አንዱ የሌላውን ገበያ ሲወስድበት ያውቀዋል። እምቢ ካሉና ስምንተኛው ይጻፍ ካሉ፣ «የኤርታሌ የሌሊት ጉዞ» ብለሽ ሌላ ሰው የሚፈልገውን ነገር ጻፊላቸው። ሐረጉን አንድ ጊዜ ብቻ አስገብተሽ ወደ መሸጫው ገጽ ሊንክ አድርጊበት።

የባንክ ፈተናውን ተፈተኚ፤ መፈተን መቀጠር አይደለም። ሰርተፊኬቱን አትግዢ። የዚህ የሦስት ወር ሥራ ከበፊቱና ከኋላው ቁጥር ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ቀጣሪ ፊት የተሻለ ያወራልሻል። ለዚያ ደግሞ የበፊቱ ቁጥር ያስፈልግሻል። 16 ወር ያለፈው ከሰርች ኮንሶል ይጠፋልና ዛሬውኑ አውርጂው፤ ሰባቱንም ጽሑፍ እንዳሉ ቀድተሽ አስቀምጪ።