ባትሪ ከተቀየረ በኋላ የጠፉት የግፊት ልኬቶች

«የእናቴ የግፊት መለኪያ በብሉቱዝ ከስልኬ ጋር በደንብ ይሠራ ነበር። ባትሪ ከቀየርንለት ወዲህ ይገናኛል፣ አዲሱ ልኬት ግን አፑ ላይ አይታይም። ካዛንቺስ አካባቢ የሚያስተካክል ሰው ታውቃላችሁ?»

እህቴ፣ ለባለሙያ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ማሽኑ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት እዪ። ማሽኑና ስልኩ እየተገናኙ ከሆነ ብሉቱዙ ደህና ነው። ልኬቱም መጥቶ ይሆናል፤ የተቀመጠው ግን ሌላ ቀን ላይ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ብዙ መለኪያዎች ባትሪያቸው ሲወጣ ሰዓታቸው ይጠፋል። ባትሪው ሲመለስ ዓመት፣ ወርና ቀን ይጠይቃሉ። ያኔ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የሚያውቀውን ቀን ያስገባል። ማሽኑ ደግሞ የፈረንጅ አቆጣጠር እንጂ የእኛን አያውቅም።

አራት ኪሎ የሚኖሩት አጎቴ ቤት የገጠመን ይኸው ነበር። ኅዳር 12 ቀን 2018 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባትሪ ተቀየረ። ልጃቸው 2018፣ ወር 3፣ ቀን 12፣ ሰዓት 2:00 ብሎ ሞላ። በፈረንጁ ግን ዕለቱ ኖቬምበር 21 ቀን 2025፣ ሰዓቱም 8:00 ነበር። አፑ የተነገረውን አመነና ልኬቱን ማርች 12 ቀን 2018 ላይ አስቀመጠው፤ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ማለት ነው። የአፑ የመጀመሪያ ገጽ በቀን የቅርቡን ስለሚያሳይ ከባትሪ ለውጡ በፊት የተለካው እዚያው ቆሞ ቀረ። ሁሉም ሰው «አልመጣም» አለ።

የአንቺም እንዲህ መሆኑን ለማወቅ አፑ ላይ ታሪኩን ወደ 2018 ድረስ ወደ ኋላ ሂጂ። ወይም ማሽኑ ላይ የማስታወሻውን ቁልፍ ተጫኚና ከልኬቱ ጋር የሚወጣውን ቀን አንብቢ።

ማስተካከሉን ከስልኩ ጀምሪ። ብዙ የግፊት መለኪያዎች ሲገናኙ ሰዓታቸውን ከስልኩ ይወስዳሉ። እኛ ጋ ደግሞ ስልካቸውን በእጅ ወደ ሐበሻ ሰዓት የሞሉ ብዙ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ ስልክ የማሽኑንም ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ የስልኩ ቀንና ሰዓት አውቶማቲክ ይሁን፣ የሰዓት ቀጠናውም GMT+3 መሆኑን እዪ። እናትሽ የሐበሻ ሰዓት ማየት ከፈለጉ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጫኚላቸው፤ የስልኩን ሰዓት ግን አትንኪው።

ቀጥሎ የተሳሳተ ቀን የያዙትን ልኬቶች ወረቀት ላይ ገልብጪ። ከዚያ የማሽኑን ሰዓት አስተካክዪ። የሚስተካከልበት ቁልፍ ከሌለው አፑ ውስጥ ያለውን ግንኙነት አጥፍተሽ እንደገና አገናኚው። እንደ ኦምሮን ያሉት ላይ የብሉቱዙን ቁልፍ P የሚለው ብልጭ ድርግም እስኪል ይዘሽ ትቆያለሽ። ማገናኘቱም ከአፑ ውስጥ ነው የሚጀመረው እንጂ ከስልኩ የብሉቱዝ ገጽ አይደለም። አንዴ የተላከ ልኬት በኋላ ሰዓቱ ቢስተካከልም ራሱን አያርምም። ስለዚህ ከወረቀቱ በእጅ አስገቢና የተሳሳቱትን ሰርዢ።

ዓመቱ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ከተሳሳተ ነገሩ የባሰ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ጠዋት 2 ሰዓት የተለካው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ይቀመጣል። የማታ 2 ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። ሐኪም ይህን ሲያይ ግፊቱ ሌሊት ከፍ የሚል ሊመስለው ይችላል፣ የመድኃኒት ሰዓት ለመወሰንም ሊያየው ይችላል። የስኳር መለኪያ ላይ የበለጠ ተጠንቀቁ። በባዶ ሆድ ጠዋት 1 ሰዓት የተለካው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከተቀመጠ፣ ከቁርስ በፊት መሆኑ ይጠፋል።

ቀኑ ሁሉ ትክክል ሆኖ ካልመጣ ሁለት ነገር እዪ። አንደኛ፣ ማሽኑ ለሁለት ሰው የሚሠራ ከሆነ እናትሽ 1 ላይ ናቸው ወይስ 2? አፑ 1ን እየጠበቀ ማሽኑ 2 ላይ ከለካ ልኬቱ ማሽኑ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን እያጠፋው ሊሆን ይችላል። ለካችሁ ስትጨርሱ ማሽኑ ከስልኩ አጠገብ እንዳለ አፑን ራስሽ ክፈቺው፤ እስኪልክ ጠብቂ። ይህም ሳይሠራ ቢቀር የማሽኑን ሞዴልና የማስታወሻውን ገጽ ፎቶ እዚህ ለጥፊ፣ አብረን እናየዋለን።