«እሱ» ወይስ «እሳቸው»? ለጀማሪ ተርጓሚዎች

በቅርቡ አንዲት ጀማሪ ተርጓሚ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው። አዳራሹ ውስጥ ባለሥልጣንም ተማሪም አለ። ሁሉንም በ‹እርስዎ› ብጨርሰውስ?» አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

የምረቃ ንግግር ነበር። ተናጋሪው በልጅነቱ የደገፉትን ሁለት ሰዎች ያነሳል፤ ርእሰ መምህሩንና የትምህርት ቤቱን ጥበቃ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ተውላጠ ስም ነው የሚጠራቸው። አማርኛው ግን ወይ ያከብራል ወይ አያከብርም፤ መሀል መንገድ የለውም። እኔ ሁለቱንም በአክብሮት ጻፍኳቸው። የንግግሩ ፍሬ ነገር «ሁለቱም እኩል አሳደጉኝ» የሚል ነበራ። ጽሑፉን ያረመው ሰው ርእሰ መምህሩን «መከሩኝ» ብሎ ተወና ጥበቃውን «ከፈተልኝ» አደረገው። መድረክ ላይ ሲነበብ ነው የሰማሁት። «እኩል» የሚለው ቃል ገና ሳይመጣ ግሱ አበላልጧቸው አለፈ። ከኋላ ቆመው የሚሰሙ ጥበቃዎችም ነበሩ።

አራሚው ሞኝ አልነበረም። «መከሩኝ» ሲባል መካሪው አንድ የተከበረ ሰው ይሁን ብዙ ሰው ግሱ አይለይም። ሁለት የሚከበሩ ሰዎች ተከታትለው ሲመጡ አድማጭ ማን ምን እንዳደረገ ይምታታበታል። አንዱን «እሱ» ማለት ነገሩን ያጠራዋል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ከዚያ ይልቅ ስሙን መድገም ይሻላል፦ «ርእሰ መምህሩ መከሩኝ። ጥበቃው ደግሞ ማታ የማጠናበት ክፍል ከፈቱልኝ።» ትንሽ ይረዝማል እንጂ ማንም አይጠፋም።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። «እርስዎ» ለአንድ ሰው ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ «እናንተ» ነው። «እናንተ» ደግሞ ለሕፃንም ለሽማግሌም ያው ነው። ስለዚህ አክብሮቱን የሚሸከመው መጥሪያው ነው፦ «ክቡራን እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ተመራቂዎች»። ተናጋሪው ወደ ሰብሳቢው ዞር ሲል ብቻ «ክቡር ሰብሳቢ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት» በሉና ወደ «እናንተ» ተመለሱ። የዘንድሮ ልጆች «እርስዎ» ብለው ጀምረው «ታውቃላችሁ» ብለው ሲጨርሱ ጆሮዬን ያመኛል። ረቂቁን ስትጨርሱ ከእያንዳንዱ ግስ አጠገብ የሚመለከተውን ሰው ጻፉ። ስህተቱ ያኔ ይታያችኋል።

እንግሊዝኛው ማንንም ለይቶ ሳይጠራ «ጠንክረህ ከሠራህ» ዓይነት ነገር ሲያመጣ «ሰው ጠንክሮ ከሠራ» ማለት ይበቃል። አለዚያ ግማሹ አዳራሽ፣ ሴቶቹ፣ ከንግግሩ ይወጣሉ።

ሁሉንም አክብሩ ያልኩ መስያለሁ አይደል? ተናጋሪው ስለ እናቱ ሲያወራ ግን እኔ ራሴ «እሷ» ብዬ አውቃለሁ። «እናቴ ጎበዝ ነበሩ» ሲባል እናትየው ጎረቤት ይመስሉኛል። እናቱን «አንቱ» እያለ ያደገም ሞልቷል። ስለዚህ ከመድረኩ በፊት ተናጋሪውን ጠይቁት፤ አማርኛ ባይችል እንኳ እናቱን እንዴት እንደሚያናግራት ያውቃል።