የኦቾሎኒው 25.8 እና 29.5፦ ሁለት ዳታቤዝ፣ አንድ ናይትሮጅን

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። የምግብ አሰራሮችን የንጥረ ነገር ሰንጠረዥ እየሠራሁ ነው። የጥሬ ኦቾሎኒ ፕሮቲን ስፈልግ አንዱ ዳታቤዝ በ100 ግራም 25.8 ይላል፣ ሌላው 29.5። ሁለቱም የታወቁ ናቸው። የቱ ነው የተሳሳተው? የትኛውን ልጻፍ? ግራ ገብቶኛል፣ እህታችሁን እርዱኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ካልኩሌተርሽን አንሺና 29.5ን ለ25.8 አካፍዪ። 1.14 ገደማ ይመጣል። ቀጥለሽ 6.25ን ለ5.46 አካፍዪ። እሱም 1.14 ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። የተሳሳተም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለምግብ ሰንጠረዥ በተለመደው አሠራር ላብራቶሪው ፕሮቲኑን በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ናይትሮጅን ነው። በኬልዳል ዘዴ ናሙናው በጠንካራ አሲድ ይፈላል፤ በዱማ ዘዴ ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ መጨረሻ ላይ የሚወጣው «በ100 ግራም ውስጥ ይህን ያህል ግራም ናይትሮጅን አለ» የሚል ቁጥር ነው። ፕሮቲን የምንለው ያንን ቁጥር በአንድ ማባዣ ስናባዛው የሚገኘው ነው። ጠቡ ያለው ማባዣው ላይ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ማባዣ 6.25 ነው። የመጣውም ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው ከሚል ግምት ነው፤ 100 ለ16 ሲካፈል 6.25። ለሥጋና ለእንቁላል ጥሩ ይሠራል። ለኦቾሎኒ ግን ትንሽ ያጋንናል። የኦቾሎኒ ፕሮቲን አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ በብዛት አለበት። አርጂኒን ደግሞ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ሊሆን ጥቂት የቀረው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ የኦቾሎኒ ፕሮቲን 16 ሳይሆን 18.3 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ይይዛል። 100ን ለ18.3 ስታካፍዪ 5.46 ታገኛለሽ።

ይህንን በየምግቡ ለይቶ ያወጣው ጆንስ የሚባል የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1931 ታትሟል። ዛሬም «የጆንስ ማባዣዎች» ይባላሉ። ለነጭ የስንዴ ዱቄት 5.70፣ ለሩዝ 5.95፣ ለአልሞንድ 5.18፣ ለወተት 6.38 ነው። ወተት ላይ ነገሩ እንደሚገለበጥ ልብ በዪ፤ እዚያ 6.25 የሚጠቀመው ዳታቤዝ ነው ዝቅ የሚለው። ልዩነቱ ግን 2 በመቶ ገደማ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

ወደ ኦቾሎኒሽ እንመለስ። 25.8ን ለ5.46 ስታካፍዪ 4.725 ግራም ናይትሮጅን ይወጣል። ያንኑ በ6.25 አባዢው፤ 29.5። አየሽ፣ ሁለቱም ዳታቤዞች ያዩት ያንኑ ናይትሮጅን ነው ማለት ይቻላል።

ማባዣውን በግምት ብቻ እንዳትተዪው፣ የሚታይበት ቦታ አለ። 25.8 የሚለው ቁጥር በአሜሪካው FoodData Central ውስጥ SR Legacy በሚባለው ክፍል ያለው ነው። እዚያ ዝርዝሩን በኤፒአይ ካወረድሽ እንዲህ የሚል መስመር ታገኛለሽ፦

```
"type": ".ProteinConversionFactor",
"value": 5.46
```

የፈረንሳዩ Ciqual ደግሞ ከዚህም ይቀልላል። ሁለት የፕሮቲን ዓምድ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አንዱ በጆንስ፣ ሌላው በ6.25። ሌሎቹም እንዲህ ቢያደርጉ ግማሹ ጥያቄያችን ባልመጣ ነበር። ማባዣው የትም ካልተጻፈ መግቢያውን ወይም የአጠቃቀም መመሪያውን አንብቢ። እዚያም ከሌለ የማካፈሉ ዘዴ አለልሽ፦ የሁለቱ ፕሮቲኖች ንጽጽር ከሁለቱ ማባዣዎች ንጽጽር ጋር ከገጠመ፣ ምክንያቱ ማባዣው የመሆኑ ዕድል በጣም ሰፊ ነው።

ካልገጠመስ? እኔ መጀመሪያ የማየው እርጥበቱን ነው። የጥሬ ኦቾሎኒ መስመር 6.5 ግራም ውሃ አለበት። አንድ ቦታ 27.6 ግራም ፕሮቲን ብታገኚ፣ 25.8ን ለ0.935 አካፍዪ። 27.6 ይመጣል። ያ ቁጥር ውሃው ተቀንሶ በደረቅ ክብደት የተሰላ ነው ማለት ነው። የጥናት ጽሑፎችና የእንስሳት መኖ ሰንጠረዦች ይህን ይወዳሉ። ጥሬና የተቀቀለ ጥራጥሬን የሚያምታታ ሰውም የሚወድቀው እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ብቻ እዚያ ልዩነቱ በእጥፍ ስለሚሆን ቶሎ ይነቃል።

ሁለተኛው የማሸጊያ ጽሑፍ ነው። FoodData Central ውስጥ Branded የሚል ክፍል አለ። የዚያ ቁጥር የመጣው አምራቹ ማሸጊያው ላይ ከጻፈው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚጻፈው ለአንድ ጊዜ መመገቢያ መጠን ነው፤ ፕሮቲኑም ወደ ሙሉ ግራም ይጠጋጋል። 28 ግራም ኦቾሎኒ «7 ግራም ፕሮቲን» ከተባለ፣ ወደ 100 ግራም ሲመለስ ልክ 25.0 ይሆናል። ግን ያ 7 ከመጠጋጋቱ በፊት 6.5ም፣ 7.4ም ሊሆን ይችል ነበር። ወደ 100 ግራም ስትመልሺው ከ23.2 እስከ 26.4 ያለው ሁሉ «25.0» መስሎ ይታያል። ከነጥብ በኋላ ያለው ዜሮ የሰጠሽ መተማመን ባዶ ነው። ስለዚህ ያንን የተወሰነ ምርት ራሱን ካልተጠቀምሽ በቀር ከ Branded መስመር አትውሰጂ። እዚያው ካለው ከ Foundation ክፍል ወይም ከ SR Legacy ብትወስጂ ይሻልሻል። SR Legacy እ.ኤ.አ. በ2018 የመጨረሻው እትም ወጥቶ ቆሟል፤ ግን በላብራቶሪ ትንተና ላይ የቆመ ብዙ መስመር አለው።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ የምግብ አሰራር ስሌት የዕለት ሥራዬ ነው፤ ይሄ ጥያቄም በየጊዜው ይመጣብኛል። ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቁጥሩን ከምን ጋር ልታወዳድሪው ነው?» ብዬ ነው።

ምግቡ ውስጥ በእርግጥ ስንት ፕሮቲን እንዳለ ማወቅ ከፈለግሽ፣ በጆንስ የተሰላው 25.8 ይቀርባል። አሚኖ አሲዶቹ አንድ በአንድ ተለክተው የተደመሩበት ቁጥር ካገኘሽ ደግሞ ከሱም ይሻላል፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትም የሚመርጠው ያንን መንገድ ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ መረጃ ለጥቂት ምግቦች ብቻ ነው ያለው።

አውሮፓ ውስጥ ከሚሸጥ ምርት ማሸጊያ ጋር ልታወዳድሪ ወይም ለዚያ ገበያ ጽሑፍ ልታዘጋጂ ከሆነ፣ ምርጫ የለሽም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 1169/2011 ፕሮቲንን «ናይትሮጅን ሲባዛ በ6.25» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ኦቾሎኒም ሆነ ስንዴ ልዩ አስተያየት አይደረግለትም። እዚያ 29.5ን ነው የምትይዢው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። አንድ ሰው በቀን የሚያስፈልገውን ፕሮቲን አግኝቷል ወይ ብለሽ ልትፈትሺ ነው እንበል። የታወቀው መጠን ለአዋቂ በኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ነው። ይህ ቁጥር ራሱ የመጣው ከናይትሮጅን ነው። ሰዎች የወሰዱትና ያስወጡት ናይትሮጅን ተመዝኖ 132 ሚሊግራም በኪሎ ተገኘ፤ ከዚያ በ6.25 ተባዛ። እንግዲህ የሚፈለገው በ6.25 ተለክቶ፣ የተበላው በ5.46 ከተለካ፣ ኦቾሎኒና እህል በብዛት የሚበላውን ሰው ያለ አግባብ ትንሽ ዝቅ ታደርጊዋለሽ። ለዚህ ሥራ እኔ 6.25ን ነው የምመርጠው። «ጆንስ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም።

ያንቺ የአሰራሮች ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ አብዛኛው መስመርሽ ከየት እንደመጣ እዪ። ብዙው ከ SR Legacy ከሆነ 25.8ን ያዢ። ከሌላ ዳታቤዝ የምታመጪውን ደግሞ ወደዚያው ቀይሪው፦ 29.5 ሲባዛ በ5.46፣ ሲካፈል ለ6.25፤ 25.8 ይሆናል። የባሰው ነገር መቀላቀል ነው፤ ኦቾሎኒውን ከአንዱ፣ አልሞንዱን ከሌላው። ያኔ አንዱ አሰራር ከሌላው ፕሮቲን የሚበልጥ የሚመስለው በማባዣው ብቻ ሊሆን ይችላል። 40 ግራም ኦቾሎኒ ላይ ልዩነቱ 1.5 ግራም ነው። ሥጋና እንቁላል ላይ ዜሮ። ስለዚህ ጊዜ ካጠረሽ መጀመሪያ ለውዝ ነክ የሆኑትንና የእህል መስመሮችሽን ፈትሺ።

ደግሞ ፕሮቲኑን ብቻ ነቅለሽ እንዳትወስጂ። በብዙ ዳታቤዝ ካርቦሃይድሬት አይለካም፤ ከ100 ላይ ውሃው፣ ፕሮቲኑ፣ ስቡና ምግቡ ሲቃጠል የሚተርፈው አመድ ተቀንሶ የቀረው ነው። የጥሬ ኦቾሎኒው መስመር እንዲህ ነው፦ ውሃ 6.5፣ ፕሮቲን 25.8፣ ስብ 49.2፣ አመድ 2.3፣ ካርቦሃይድሬት 16.1። ደምሪው፤ 99.9። 25.8ን አውጥተሽ 29.5 ብትከቺበት ግን 103.6 ይሆናል። መቶ ግራም ምግብ ውስጥ 103.6 ግራም ነገር የለም። ፕሮቲኑን በ3.7 ከፍ ካደረግሽ ካርቦሃይድሬቱን በዚያው ልክ ወደ 12.4 ማውረድ አለብሽ። ሁለቱም በግራም 4 ካሎሪ ብለሽ የምታሰዪ ከሆነ የካሎሪው ድምር አይለወጥም፤ ስህተቱ ተደብቆ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ካርቦሃይድሬትን በቀጥታ የሚለኩ ዳታቤዞችም ስላሉ፣ ድምሩ 100 ባይሞላ ወዲያው አትደንግጪ። ከ101 በላይ ሲሄድ ግን አንድ ነገር ተደባልቋል።

ኤክሴልሽ ላይ ከፕሮቲን ዓምዱ ቀጥሎ ሁለት ዓምድ ጨምሪ፤ አንዱ ለማባዣው፣ ሌላው ለመስመሩ መለያ ቁጥር። ማባዣውን ያላገኘሽበትን ባዶ ተዪው እንጂ 6.25 ብለሽ አትሙዪው። አልሞንዱ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይገጥምሻል፤ እዚያ ንጽጽሩ 1.21 ነው የሚመጣው።