የማኑዋል ስክሪንሾት ስም አወጣጥ፦ ጥያቄና መልስ

የኮምቦልቻዋ፦ ጋሼ የመድኃኒት ቤት ሶፍትዌር ማኑዋል እየሰራሁ ነው። ፎልደሩ ላይ ሳየው ስክሪንሾቶቹ 1፣ 2፣ 3 ብለው ተደርድረዋል፣ ፒዲኤፍ ሲሆን ግን ከ1 ቀጥሎ 10 መጣ። ምን ሆኖ ነው?

መላሽ፦ አብሽሪ፣ ኮምፒውተርሽ ምንም አልሆነም። ዊንዶውስ ፎልደሩን ሲያሳይሽ ቁጥሩን እንደ ቁጥር አይቶ ይደረድርልሻል፣ ፒዲኤፉን የሚሰራው ፕሮግራም ግን ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ነው የሚያነጻጽረው፣ 10 እና 2 ሲገናኙበት መጀመሪያ የሚያየው 1 እና 2ን ስለሆነ 10 ይቀድማል። ስለዚህ ፎልደሩን በዓይን አይተሽ ልክ ነው አትበይ። ከፊት ዜሮ ሙይበት፣ ሁሉም ቁጥር እኩል ርዝመት ይኑረው፣ 2 ሳይሆን 002። ያኔ በሁለቱም አደራደር አንድ ዓይነት ይመጣል። ለማረጋገጥ cmd የሚባለው ጥቁር መስኮት ላይ ፎልደሩ ውስጥ ገብተሽ ይሄን ጻፊ፣ እውነተኛው ተራ እዚያ ይታይሻል፦

```
dir /b /on
```

የሐይቁ፦ እኔ ዜሮውን ሞልቻለሁ፣ ከ001 እስከ 040 ጨርሼ ካበቃሁ በኋላ ግን መሀል ላይ አዲስ ስክሪን ተጨመረ። የቀሩትን ሁሉ ልቀይር?

መላሽ፦ በፍጹም! ማኑዋሉ ውስጥ የገባ ስም አይነካም። የጽሑፍ ፋይሉ ምስሉን የሚጠራው በስሙ ነው፣ አንዱን ስትቀይር ጥሪው ባዶ ይቀራል፣ ይባስ ብሎ 021ን 022 ስትለው የሌላው ምስል ቦታው ላይ ይገባና ስህተቱን ማንም አያይልህም። ዎርድ ላይ ለጥፈህ ከሆነ ምስሉ እዚያው ዎርዱ ውስጥ ስለተቀመጠ አይጠፋም፣ ግን መልሰህ ስትቀይረው የቱ የቱ እንደሆነ ትዞራለህ። ለወደፊቱ ተራውን በአስር በአስር ዝለል። የእህታችንን መድኃኒት ቤት እንውሰድ፣ ምዕራፍ 3 ሽያጭ ነው እንበል፣ መጀመሪያ መክፈት፣ ቀጥሎ መድኃኒት መፈለግ፣ ከዚያ ደረሰኝ ማተም። በኋላ ፕሮግራመሮቹ ብዛት የሚጠይቅ መስኮት መሀል ላይ ጨመሩ። 025 ብለህ ትሰካዋለህ፣ ሌላው ንቅንቅ አይልም፦

```
03-010-sale-open.png
03-020-find-item.png
03-025-enter-qty.png
03-030-print-receipt.png
```

ምዕራፉ ከፊት ስላለ ምዕራፍ 2 ላይ ብትጨምር ምዕራፍ 3 አይሰማም። ምስል 12 የሚለውን ቁጥር ግን ፋይል ስም ላይ አትጻፍ፣ እሱን ማኑዋሉ ራሱ ይቁጠረው። አዲስ ቨርዥን ሲወጣም ስክሪኑን አንስተህ በዚያው ስም ተካው፣ አሮጌውን ለብቻ ፎልደር አኑር።

የወልዲያው፦ ኧረ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ስኒፒንግ ቱል ራሱ ቀንና ሰዓት ጽፎ ያስቀምጣል እኮ፣ በቃ ባነሳችሁበት ተራ ይደረደራል።

የሐይቁ፦ አንዴ ብቻ ካነሳህ ነዋ። አንዱን ሦስተኛ ስክሪን ደግመህ ብታነሳው ሄዶ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው።

የወልዲያው፦ እኔ በኛ አቆጣጠር ቀን ወር ዓመት ብዬ እጽፋለሁ፣ ችግር አጋጥሞኝ አያውቅም።

የሐይቁ፦ ቀን ከቀደመማ 05 ሐምሌ ከ12 መስከረም ይቀድማል! በአንድ ወር ስለጨረስክ ነው ያላየኸው።

መላሽ፦ ወንድሞቼ፣ ቀኑ ላልተመረጡት ጥሬ ስክሪንሾቶች ጥሩ ነው፣ ዓመት-ወር-ቀን ተብሎ ይጻፍ። ለማኑዋሉ አይሆንም፣ ሰው ማኑዋል የሚያነበው ያነሳችሁበትን ቀን ተከትሎ አይደለም። በየትኛው አቆጣጠር ለሚለው ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

የመርሳዋ፦ በአማርኛ ፊደል ብንሰይመውስ?

መላሽ፦ አንዱ መድኃኒት ሌላው መድሃኒት ብሎ ይጽፋል፣ ስትፈልጊው አንዱ ብቻ ይወጣል። ዚፕ ተደርጎ ሲላክም አንዳንድ ፕሮግራም ፊደሉን ያበላሸዋል።

የኮምቦልቻዋ፦ እኔ ግን እንግሊዝኛው አይገባቸውም ብዬ shiyach-kfet ነው የምለው።

የመርሳዋ፦ እሱንም አንዱ kfet አንዱ kifet ይለዋል፣ ምን ለየው?

መላሽ፦ ቡድናችሁ የተስማማበት ይሁን፣ እኔ እንግሊዝኛ እመርጣለሁ። ተራውን የሚይዘው ቁጥሩ ነው።

የባቲው፦ የኔ ስክሪንሾት ሲታተም ይደበዝዛል፣ ስሙ ይሆን?

መላሽ፦ ስም አያደበዝዝም። የምስሉ መጠን ነው፣ ለብቻው ጠይቅ።

የደሴው፦ እኔ ኮምፒውተር ላይ ምስሉ ይታያል፣ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ጠፋ።

መላሽ፦ ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው? ከሆነ `Login.PNG` እና `login.png` ለሱ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፣ ዊንዶውስ ግን እንደ አንድ ስለሚያያቸው አንተ ጋ ሠርቷል። ሁሉም በትንንሽ ፊደል ይሁን፣ ክፍት ቦታና ቅንፍ አታስገባ፣ በሰረዝ አያይዝ። እና ስሙን ስታስተካክል ጽሑፉ ውስጥ ያለውንም አብረህ፣ አለዚያ ያው ነው።

የሐርቡው፦ ስም እንዴት ነው የምሰጠው?

መላሽ፦ የምን ስም? ከላይ አራት መስመር ጽፌያለሁ፣ አንብብና የቱ እንዳልገባህ ንገረኝ።

የሐርቡው፦ እሺ፣ 60 ያህል ፋይል ነው ያለኝ፣ ሁሉንም መርጬ F2 ብነካስ?

መላሽ፦ እንዲህ ጠይቁኝ። F2 `sale (1).png`፣ `sale (2).png` እያለ ነው የሚሰጥህ፣ ቅንፍም ክፍት ቦታም አለው፣ ዜሮም አይሞላም፣ ከተነሳህበት ችግር አይወጣም። ማኑዋል ውስጥ ገብተዋል?

የሐርቡው፦ ግማሾቹ ገብተዋል።

መላሽ፦ እንግዲያው የገቡትን አትንካ። ያልገቡትን ኮፒ አድርግና ኮፒው ላይ በአዲሱ ስም ጀምር፣ የድሮዎቹን ምዕራፉን እንደገና ስትጽፍ አንድ ላይ ትቀይራቸዋለህ።