ማስታወቂያ የማይወጣለት የትራንዚት ሥራ፦ ሳይለማመጡ እንዴት ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ «በሎጂስቲክስ ተመርቄ 8 ወር ሆነኝ፤ ሳቢያን ነው የምኖረው። ድሬ ያሉ የትራንዚት ቢሮዎች ማስታወቂያ አያወጡም፣ በሰው ነው የሚገባው ይሉኛል። የአጎቴ ጓደኛ ቢሮ አለው፤ ግን ሄጄ ሥራ ስጠኝ ማለት አፈርኩ። ሳልለማመጥ እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው?»

እህቴ፣ የአጎትሽን ጓደኛ ለጊዜው ተይው። እሱ ጋ የምትሄጂው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ቦታው እንዴት እንደሚከፈት ይግባሽ። የአስመጪን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ የትራንዚት ቢሮ ማለት ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ፣ ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ ማለትም ዲክላራሲዮን የሚሠሩ አንድ ሁለት ሰዎች፣ ጉምሩክና ደረቅ ወደብ የሚመላለስ ልጅ እና ሒሳብ ያዥ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲለቅ ሥራው በዚያው ሳምንት ይከመራል። ኮንቴይነሩ በቀነ ገደቡ ካልተነሳ ክፍያ ይቆጥራል፣ ደንበኛው ይጮሃል። ባለቤቱ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ መቶ ማመልከቻ አንብቦ፣ ፈተና ሰጥቶ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ለሠራተኞቹ፣ ለጎረቤት ቢሮ፣ ለመጋዘን ኃላፊ «ሰነድ የሚችል ልጅ ታውቃላችሁ?» ይላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰው ይገኛል። ስለዚህ የአንቺ ሥራ ባለቤቱን መለመን አይደለም። ያ ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጡት ሰዎች ስምሽን እንዲያስታውሱ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ መለማመጡ። ብዙ ሰው መለማመጥ የቃላት ምርጫ ጉዳይ ይመስለዋል። እኔ እንደማየው ግን ልመና የሚሆነው የተጠየቀው ሰው እምቢ ማለት ሲከብደው ነው። እኛ አገር ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር ስለሆነ፣ «ሥራ ፈልግልኝ» ያልሽው ሰው «እሺ፣ እደውልልሻለሁ» ብሎ ይሸኝሻል፤ ከዚያ ስልክሽን ማንሳት ያቆማል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሊፈጽመው የማይችለውን ነገር ስላሸከምሽው አፍሮ ነው። እጁ ላይ ያለ ነገር ስትጠይቂው ግን፣ ማለትም ስለ ሥራው የሚያውቀውን፣ በደስታ ያወራል። ሥራውን የሚጠላ ሰው እንኳ ስለ ሥራው ማማረር ይወዳል።

ከማን ትጀምሪያለሽ? ከቅርብ ጓደኞችሽ አይደለም። እነሱ የሚያውቁትን አንቺም ታውቂያለሽ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም እምብዛም ከማያገኟቸው ሰዎች እንደነበር አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአንቺ ክበብ ውጭ የሚውል ሰው ሌላ ወሬ ይሰማል። አንድ ወረቀት ላይ 12 ስም ጻፊ፦ ከአንቺ ሁለት ሦስት ዓመት ቀድመው የተመረቁ፣ የጎረቤት ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ከሆነ እሱ፣ መልካ ጀብዱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ መጋዘን የሚሠራ፣ ደረቅ ወደብ የሚገባ የሚወጣ፣ ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ቤት ሒሳብ የሚይዝ። ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ ከሁለት በላይ አይሁን። ሹፌሩን አትናቂው፤ የትኛው ቢሮ ሰነድ እንደሚያዘገይበት ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ሰነድ የሚያዘገይ ቢሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ያጠረው ቢሮ ነው።

መልእክቱ አጭር ይሁን፣ ማን እንደላከሽ ይናገር፣ ጊዜውን ይገድብ፣ መውጫ ይስጥ። ይህን ቀይረሽ ተጠቀሚበት፦

«ሰላም አቶ እገሌ። እገሊት እባላለሁ፤ ስልክዎን የሰጠኝ እገሌ ነው። በሎጂስቲክስ ተመርቄ የጉምሩክ ሰነድ ሥራ ላይ ለመግባት እየተዘጋጀሁ ነው። ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ከሚሠራው ሰው መስማት ፈልጌ ነበር። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 15 ደቂቃ ቢኖርዎት ቢሮዎ መጥቼ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎ። ካልተመቸዎት በስልክም ይሆናል።»

«ለመግባት እየተዘጋጀሁ ነው» የሚለውን አታውጪው። ሥራ እንደምትፈልጊ መደበቅ ሌላው ስህተት ነው፤ በኋላ ሲገለጥ «ለካ ለዚህ ነው» ያሰኛል። ሥራ እንደምትፈልጊ ይታወቅ፣ የምትጠይቂው ግን መረጃ ይሁን። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ደግሞ ፈጽሞ አትበዪ። ትሕትና ይመስላል፣ ግን የት እንደምትገቢ የማሰቡን ሥራ ለሌላው ይጥላል፤ ሰውየውም ስለ አንቺ ለሌላ ሰው የሚናገረው ነገር አይኖረውም። «ሰነድ ማዘጋጀት የምትችል ልጅ አለች» ግን ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል።

ስለ አጠራር አንድ ነገር፦ የድሬ ሰው ታላቁንም «አንተ» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ማንም አይቀየምም። ቢሮዎቹ ውስጥ ግን ከመሀል አገር የመጣ ብዙ አለ። በጽሑፍ «እርስዎ» ብለሽ ጀምሪ፤ ፊት ለፊት እሱ «አንተ በይኝ» ካለ ተከተይው።

ሰዓቱ ጠዋት፣ ቦታው ቢሮው ወይም ከዚራ ያለ ሻይ ቤት ይሁን። ከምሳ በኋላ ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም አለ። በርጫ ላይ የሚሰጥ ተስፋ የምርቃና ተስፋ ነው፤ «ነገ ነይ፣ ጠረጴዛሽ ተዘጋጅቷል» ያለሽ ሰው በማግስቱ ያንቺን ስም አያስታውስም።

ከመሄድሽ በፊት የንግድ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ እና ሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጂን ምን ምን እንደሚይዙና እርስ በርስ ምኑ ምኑ መመሳሰል እንዳለበት አጥኚ። ከመጽሐፍ የሚገኘውን ነገር ሰው ጋ ሄዶ መጠየቅ የ15 ደቂቃውን ዋጋ ያጠፋል። የጉምሩክ አስተላላፊነት ፈቃድ የሚሰጠው ጉምሩክ ኮሚሽን እንደሆነና አዲስ ተመራቂ የሚገባው በረዳትነት እንደሆነም ዕወቂ፤ «ዲክላራሲዮን እኔ ልፈርም» ያለች ልጅ መሳቂያ ትሆናለች።

ጥያቄዎቹ አራት ይበቃሉ። አንዱ «ዕቃው ደርሶ እስኪለቀቅ ብዙ ጊዜ የሚያዘው የት ላይ ነው?» ሁለተኛው «አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ላይ ይሳሳታል?» ሦስተኛው «ሥራ ሲደራረብ ማን ይሸፍናል?» የመጨረሻው «ከዚህ በኋላ ማንን ባናግር ይጠቅመኛል?»

ክፍት ቦታ የሚታየው በሦስተኛው ነው። «እኛ እዚህ ተከፋፍለን እንጨርሳለን» ካለሽ ቦታ የለም። «እኔው ነኝ እስከ ማታ የምቀመጠው»፣ «አንዷ ልትወልድ ነው»፣ «ልጁ አዲስ አበባ ሄደ»፣ «አዲስ አስመጪ ይዘናል» ካለሽ ግን ማስታወቂያ ያልወጣለት ቦታ ፊትሽ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚያበላሹት፦ ዓይናቸው ይበራና «እንግዲያውስ እኔን ቅጠሩኝ!» ይላሉ። ውይይቱ ወዲያው ቃለ መጠይቅ ይሆናል፣ ሰውየውም ሥልጣን ከሌለው ይሸሻል። በምትኩ ጥያቄውን አጥብቢው፦ «የሚከማቸው የትኛው ነው፣ ሰነድ ማመሳከሩ ነው ወይስ ውጭ መመላለሱ?» እሱ መልሱን ሲያወራ ሊሠራ ስለሚገባው ሥራ ከአንቺ ጋር እያሰበ ነው።

በምሳሌ እንየው። የጎረቤትሽ ልጅ ሹፌሩ የአንድ ቢሮ ሰነድ አዘጋጅ ስልክ ይሰጥሻል። ከእሷ ጋር ረቡዕ ጠዋት 15 ደቂቃ ትቀመጫለሽ። ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው ክብደት ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ ጋር ስለማይገጥም ፋይል እየተመለሰባት እንደሆነ፣ የሚያመሳክረው ልጅም እንደለቀቀ ትነግርሻለች። 15 ደቂቃው ሲሞላ አንቺው ተነሺ፤ «ተቀመጪ» ካለችሽ ትቆያለሽ። በዚያው ማታ በቴሌግራም ታመሰግኛታለሽ፣ ከነገረችሽ አንዱን ጠቅሰሽ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ገጽ ኤክሴል ትሠሪያለሽ፦ በየፋይሉ የካርቶን ብዛት፣ ጠቅላላ ክብደት፣ የኮንቴይነር ቁጥርና የተቀባይ ስም ከሰነዶቹ ጎን ለጎን የሚሞላበት፣ የማይገጥመው በቀይ የሚታይበት። «የነገርሽኝን ይዤ ይህን ሞከርኩ፣ የጎደለው ነገር ካለ ብትነግሪኝ» ብለሽ ትልኪያለሽ። የእውነተኛ ደንበኛ ሰነድ ግን አትጠይቂ፣ ብትሰጥሽም አትቀበይ፤ ምስጢር ነው፣ እሷንም ያስወቅሳታል። ባለቤቱ «ልጅ ታውቃላችሁ?» ሲል ስልኳ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ።

ሲቪ ይዘሽ አትሂጂ። ከተጠየቅሽ ብቻ፣ በዚያው ቀን፣ አንድ ገጽ፣ በፒዲኤፍ፣ የፋይሉ ስም ያንቺ ስም ሆኖ። «ሥራ ትፈልጊያለሽ እንዴ?» ካሉሽም አትሽኮርመሚ፤ «አዎ፣ ሰነድ ዝግጅት ላይ» በዪ፣ ከዚያ ዝም። መልስ ለማይሰጥ ሰው ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሺ። ሁለተኛውን ዝምታ እንደ እምቢታ ቁጠሪውና ወደሚቀጥለው ስም ሂጂ።

አሁን የአጎትሽ ጓደኛ። መጀመሪያ ብትሄጂ ለሱ የዘመድ ልጅ ብቻ ነሽ፤ ወይ በይሉኝታ ይቀጥርሻል፣ ወይ በይሉኝታ ያቆይሻል፣ ሁለቱም ጥሩ አይደለም። አምስት ስድስት ሰው ካናገርሽ በኋላ ስትሄጂ ግን የሙያውን ቋንቋ ይዘሽ ነው። አጎትሽን «ሥራ አስገባኝ» አትበዪው፤ «እንደምመጣ ብቻ ንገርልኝ» በዪው።

ይህ ሁሉ ለግል ድርጅት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቦታ በማስታወቂያና በውድድር ይሞላል። እዚያ ያለ ሰው ማስታወቂያው መቼና የት እንደሚለጠፍ ቢነግርሽ ጥሩ ነው፣ ከዚያ ያለፈውን አትጠይቂው። «ገንዘብ ክፈይ፣ አስገባሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ ስልኩን ዝጊ።

«ለጊዜው እየለመድሽ ሥሪ፣ ደሞዙን እናያለን» የሚል ቢሮም ይገጥምሽ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደሞዝ ይከፈለዋል። «የሙከራውን ውል በጽሑፍ ብናደርገው» ማለት ድፍረት አይደለም፤ በሰነድ የሚኖር ቢሮ ይህን ሲሰማ አይደነቅም።